«መብራት ጠፋ» ብቻውን ምክንያት አይሆንም፦ በኃይል መቋረጥ ለወደቀ ሳይት የክስተት ሪፖርት አዘገጃጀት

ከሌሊት ተረኞች የሚቀርቡ የክስተት ሪፖርቶች ብዙ ጊዜ ተመልሰው የሚመጡት በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው፤ እሱም «በአካባቢው መብራት በመጥፋቱ ሳይቱ ከአገልግሎት ውጪ ሆነ፤ መብራት ሲመለስም አገልግሎቱ ተመለሰ» የሚለው ነው። ሳይት፣ ማለትም የሞባይል ኔትወርክ ቤዝ ስቴሽን፣ ላይ ባትሪ የሚተከለው መብራት እንደሚጠፋ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ መብራቱ ለምን ጠፋ የሚለው ሳይሆን፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ሳይቱ ሊቆይ የሚገባውን ያህል ለምን አልቆየም የሚለው ነው። ይህ መመሪያ ያንን ጥያቄ በማስረጃ እንዴት መመለስ እንደሚቻል በቅደም ተከተል ያሳያል።

ደረጃዎቹን የምንሠራው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው። ሳይቱ ፒያሳ አካባቢ በአንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የተተከለ ሲሆን፣ ቋሚ ጀነሬተር የለውም። በሁለት መደዳ የተያያዙ ባትሪዎች አሉት፤ እያንዳንዱ መደዳ አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን የያዘና 150 አምፔር-ሰዓት የተጻፈበት ነው። ሳይቱ ሃብ ነው፤ ማለትም ሌሎች ሦስት ሳይቶች ወደ ዋናው ኔትወርክ የሚገናኙት በእሱ ማይክሮዌቭ በኩል ነው። ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ መብራት ጠፋ፤ ከ41 ደቂቃ በኋላ የሳይቱ ራዲዮዎች ተዘጉ፤ ቆይቶም ሦስቱ ጥገኛ ሳይቶች ጠፉ።

## ዝግጅት፦ ከመጻፍ በፊት የሚሰበሰብ

ሪፖርቱን ለመጻፍ ጠዋት እስኪሆን አይጠብቁ። የመብራት ኃይልን ለውጦ ሳይቱንና ባትሪዎቹን የሚመግበው የሬክቲፋየሩ ኮንትሮለር የሚይዘው የክስተት መዝገብ የተወሰነ ቦታ ስላለው፣ መብራቱ ሲመለስና ሲሄድ የሚፈጠሩት ተደጋጋሚ አላርሞች አሮጌውን መዝገብ ገፍተው ያስወጡታል። አገልግሎቱ እንደተመለሰ ወዲያውኑ የሚከተሉትን ያውርዱ።

1. ከኔትወርክ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ የአላርም ሥርዓት፣ መብራት ከጠፋበት ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ጀምሮ እስከተመለሰበት ሰዓት ድረስ ያለውን የሳይቱን፣ የጥገኞቹንና የቅርብ ጎረቤቶቹን መዝገብ፤ የተነሡትን ብቻ ሳይሆን የጸዱትንም አላርሞች ጨምሮ።
2. ከሬክቲፋየሩ ኮንትሮለር፣ የቮልቴጅና የእያንዳንዱን የባትሪ መደዳ የከረንት ንባብ።
3. የታፈኑ፣ ማለትም ቢነሡም ለተረኛው እንዳይታዩ የተደረጉ፣ አላርሞችን ዝርዝር። ይህን የሚያወርድ ሰው ጥቂት ነው፤ በእኛ ጉዳይ ግን መልሱ የተገኘው ከዚህ ነው።
4. የቲኬቱን ታሪክና የመስክ ቡድኑን የጥሪ ሰዓቶች።

የመስክ ቡድኑ ገና ሳይቱ ላይ ካለ፣ ከመውጣቱ በፊት የባትሪ ካቢኔውን፣ በተለይም የብሬከሮቹን ቦታ፣ ምንም ሳይነካ ፎቶ እንዲያነሣ ይጠይቁ። ብሬከር ከተነካ በኋላ የተነሣ ፎቶ ማስረጃነቱ ግማሽ ነው።

ማስጠንቀቂያ። የመዝገቡን ፋይል እንደወረደ ያስቀምጡት፤ የሚያስተካክሉት ቅጂውን ነው። በኤክሴል ሲከፈት ቀኑን በራሱ አቀያይሮ የሚያስቀምጥ ፋይል ብዙ ሪፖርት አበላሽቷል።

## ደረጃ 1፦ ሰዓቶቹን ወደ አንድ ያምጡ

በአንድ ሌሊት ክስተት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሰዓት ይገጥምዎታል። ማዕከሉ ብዙውን ጊዜ የሚመዘግበው በዩቲሲ ነው፤ ኮንትሮለሩ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት፣ ማለትም ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ቀድሞ፤ የሕንፃው ጥበቃና አንዳንዴም የመስክ ቡድኑ ደግሞ በእኛው አቆጣጠር «ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው» ይላሉ። የእኛ ጉዳይ በማዕከሉ መዝገብ ላይ የሚነበበው እንዲህ ነው፤ መስመሮቹ በቅደም ተከተል የመብራቱን መጥፋት፣ የባትሪው ቮልቴጅ በመውረዱ ኮንትሮለሩ ራዲዮዎቹን መቁረጡን፣ የሳይቱን አገልግሎት መቋረጥና ማዕከሉ ከሳይቱ ጋር ያለው ግንኙነት መጥፋቱን ያሳያሉ፦

```
TUE 22:07:12Z  MAINS FAIL        RAISED
TUE 22:48:05Z  LLVD DISCONNECT   RAISED
TUE 22:48:31Z  CELL UNAVAILABLE  RAISED
TUE 23:16:40Z  NE DISCONNECTED   RAISED
```

መብራቱ የጠፋው በዩቲሲ ማክሰኞ 22:07 ሲሆን፣ ይህ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ረቡዕ 01:07፣ በአገር ቤት አቆጣጠር ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ነው። ስህተቱ የሚፈጠረው በሰዓቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በቀኑም ላይ ነው። ጥበቃው «ማክሰኞ ሌሊት» ሲል የሰኞን ወይስ የማክሰኞን ሌሊት ማለቱ እንደሆነ በቀጥታ አይታወቅም፤ ስለዚህ «ለየትኛው ቀን አጥቢያ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ ግልጽ ይሆናል።

በሪፖርቱ ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓትን በ24 ሰዓት አጻጻፍ ብቻ ይጠቀሙ፤ ይህንንም በመጀመሪያው ገጽ ላይ በአንድ መስመር ይግለጹ። በእኛ አቆጣጠር ያለውን ሰዓት ክስተቱ የጀመረበትና ያበቃበት ቦታ ላይ ብቻ ያክሉ። በየመስመሩ ሁለቱን ጎን ለጎን መጻፍ አንባቢውን ያደክማል፤ ጸሐፊውንም ያሳስታል።

የሳይቱ ሰዓት የተሳሳተ ከሆነ። ኃይል ሙሉ በሙሉ ሲቋረጥ አንዳንድ ኮንትሮለር ሰዓቱን ይረሳና ሲነሣ ከዓመታት በፊት ያለ ቀን ያሳያል። በዚህ ጊዜ በሁለቱም መዝገብ ላይ ያለ አንድ የጋራ ክስተት ይፈልጉ። ጥሩ የሚሆነው የማይክሮዌቭ ሊንኩ መቋረጥ ነው፤ ምክንያቱም በሊንኩ ወዲያኛው ጫፍ ያለው መሣሪያ ኃይል ስላልተቋረጠበት ሰዓቱ ትክክል ነው፤ መቋረጡንም በሰከንድ ይመዘግባል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አስልተው ሁሉንም የኮንትሮለሩን ሰዓቶች በእሱ ያስተካክሉ፤ ማስተካከልዎንም ይጻፉ።

ከላይ ባለው መዝገብ አራተኛው መስመር ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ማዕከሉ ሳይቱ እንደጠፋ ያወቀው 02:16 ላይ ነው፤ በኮንትሮለሩና በሊንኩ ወዲያኛው ጫፍ መዝገብ ግን ሳይቱን ከዋናው ኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ትራንስሚሽን የተዘጋው 02:14 ላይ ነው። ማዕከሉ ግንኙነት መጥፋቱን የሚያረጋግጠው ተደጋጋሚ ጥሪዎቹ መልስ ሲያጡ ስለሆነ፣ ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል። ለአገልግሎት መቋረጥ የሚያዘው የሳይቱ ሰዓት ነው።

## ደረጃ 2፦ የክስተቱን ቅደም ተከተል ያስቀምጡ

አሁን አንድ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ፤ ሰዓት፣ የሆነው ነገር፣ ማስረጃው ከየት እንደመጣ። ሦስተኛው ዓምድ አይቀር። ማስረጃ የሌለው መስመር ካለ «በቃል የተነገረ» ብለው ይጻፉበት እንጂ አያውጡት። የእኛ ጉዳይ ተስተካክሎ ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

* 01:07፦ የመብራት መስመር ተቋረጠ። ማዕከል፣ ኮንትሮለር።
* 01:12፦ ቲኬት ተከፈተ፤ ተረኛው በሳይቱ መረጃ ላይ የተጻፈውን የአራት ሰዓት የባትሪ ቆይታ በማየት ቡድን አላሰማራም። ቲኬት።
* 01:48፦ ቮልቴጁ 44.0 በመድረሱ ራዲዮዎቹ ተዘጉ። ኮንትሮለር።
* 01:55፦ የመስክ ቡድን ተንቀሳቃሽ ጀነሬተር ይዞ ከልደታ እንዲነሣ ታዘዘ። ቲኬት።
* 02:13፦ ቡድኑ ሕንፃው በር ደረሰ። ስልክ።
* 02:14፦ ቮልቴጁ 43.2 በመድረሱ ትራንስሚሽኑም ተዘጋ፤ ሦስቱ ጥገኛ ሳይቶች ጠፉ። ኮንትሮለር፣ የሊንኩ ወዲያኛው ጫፍ።
* 02:41፦ ቡድኑ ወደ ሕንፃው ገባ። ስልክ።
* 02:58፦ ጀነሬተሩ ተያያዘ። ኮንትሮለር።
* 03:03፦ ትራንስሚሽን ተመለሰ፤ ጥገኞቹ አገልግሎት ጀመሩ። ማዕከል።
* 03:09፦ የሃቡ ራዲዮዎች ተነሥተው አገልግሎት ጀመሩ። ማዕከል።
* 04:40፦ መብራት ተመለሰ። ኮንትሮለር።

የመጨረሻዎቹን ሦስት መስመሮች ልብ ይበሉ። አገልግሎቱ የተመለሰው መብራቱ ከመመለሱ አንድ ሰዓት ተኩል አስቀድሞ ነው። መግቢያው ላይ የጠቀስነው «መብራት ሲመለስ አገልግሎቱ ተመለሰ» የሚለው ዓረፍተ ነገር እንግዲህ የጎደለ ብቻ ሳይሆን ስህተትም ነው፤ የሌሊቱን ቡድን ሥራም ይሰርዛል።

በ02:13 እና በ02:41 መካከል ያለው 28 ደቂቃም ባዶ መተው የለበትም። ጥበቃው ለቡድኑ የሰጡት መልስ ቀላል ነበር፦ «ልጄ፣ ስምህ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ በሩን አልከፍትም፤ ነገ ተጠያቂው እኔ ነኝ።» ቴክኒሻኑም «ጋሼ፣ እውነትዎን ነው» ብሎ ወደ ማዕከሉ ደወለ፤ የሕንፃው አስተዳዳሪ ከእንቅልፍ ተቀስቅሰው እስኪፈቅዱ ድረስ ጊዜው ሄደ። በሪፖርቱ ላይ «ጥበቃው መግቢያ ከለከሉ» ብለው አይጻፉ። ትክክለኛው አጻጻፍ «የተረኛው ቴክኒሻን ስም ለሕንፃው በተሰጠው የመግቢያ ፈቃድ ዝርዝር ላይ አልነበረም» የሚለው ነው፤ ሊስተካከል የሚችለው ዝርዝሩ ነውና።

## ደረጃ 3፦ ባትሪው ሊቆይ የሚገባውንና የቆየውን ያሰሉ

የሪፖርቱ ልብ ይህ ደረጃ ነው፤ ብዙዎችም የሚዘሉት እሱን ነው። ስሌቱ ከማካፈል አያልፍም።

ሀ. የሚጠበቀውን ቆይታ ያግኙ። ሁለቱ መደዳዎች ተደምረው 300 አምፔር-ሰዓት ናቸው። ኮንትሮለሩ በዚያ ሌሊት ያሳየው የጭነት ከረንት በአማካይ 62 አምፔር ነው። 300ን ለ62 ብናካፍል 4.8 ሰዓት ይመጣል፤ በሳይቱ መረጃ ላይ «አራት ሰዓት» የሚለው ከዚህ የተወሰደ ይመስላል። ይህ ግን በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ቁጥር ነው። በሊድ-አሲድ ባትሪ ላይ የሚጻፈው አቅም በተለምዶ ባትሪው በአሥር ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲራገፍ የሚሰጠው ነው፤ ከዚያ ፈጥኖ ሲራገፍ የሚሰጠው ያንሳል። በዚህ ጭነት ጤናማ የሆኑ ሁለት መደዳዎች ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል፣ አንድ መደዳ ብቻውን ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይቆያሉ ብሎ መገመት ምክንያታዊ ነው። ከባትሪው አምራች የመራገፊያ ሠንጠረዥ ካለዎት ግምቱን ትተው እሱን ይጠቀሙ።

ለ. በእውነት የወጣውን ያስሉ። ከ01:07 እስከ 01:48 ያለው 41 ደቂቃ በ62 አምፔር ሲባዛ 42 አምፔር-ሰዓት ያህል ነው። ራዲዮዎቹ ከተዘጉ በኋላ የቀረው የትራንስሚሽን ጭነት 14 አምፔር ሲሆን፣ በ26 ደቂቃ ውስጥ 6 አምፔር-ሰዓት ወስዷል። ድምሩ 48 ነው። ከ300 አምፔር-ሰዓት ባትሪ የወጣው 48 ብቻ ነው ማለት ነው፤ ይህም 16 በመቶ ነው። ይህን ቁጥር በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስቀምጡት፤ ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ጥያቄውን ግልጽ የሚያደርገው እሱ ነው።

ሐ. ጉድለቱ የት እንደገባ ይፈልጉ። የኮንትሮለሩን የከረንት ንባብ መደዳ በመደዳ ይመልከቱ። የመቀነስ ምልክት ባትሪው እየተራገፈ መሆኑን ያሳያል።

```
01:10  BATT1 -61 A  BATT2 0 A  48.6 V
01:30  BATT1 -62 A  BATT2 0 A  46.9 V
01:47  BATT1 -63 A  BATT2 0 A  44.1 V
```

ሁለተኛው መደዳ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ አንድም አምፔር አልሰጠም። ያረጀ ባትሪ ትንሽም ቢሆን ይሰጣል፤ ፍጹም ዜሮ ማለት ግንኙነቱ የተቋረጠ ነው፤ ብሬከር ወይም ፊውዝ ማለት ነው። የመስክ ቡድኑ ፎቶም የሁለተኛው መደዳ ብሬከር ወደ ታች ወርዶ ያሳያል። ይህ ከሦስት ሰዓት ተኩል ወደ አንድ ሰዓት ተኩል የወረደውን ያብራራል።

እዚህ ላይ ማቆም የተለመደ ነው፤ ግን ገና ነው። አንድ መደዳ ብቻውን አንድ ሰዓት ተኩል ሊቆይ ሲገባው የቆየው 41 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ችግር አለ ማለት ነው። በማግስቱ ቡድኑ ሬክቲፋየሩን አጥፍቶ የመጀመሪያውን መደዳ በጭነት ላይ እንዳለ አንድ በአንድ ሲለካው፣ ቮልቴጁ 44.0 ሲደርስ አራቱ ባትሪዎች 11.9፣ 12.0፣ 11.9 እና 8.2 ቮልት አሳዩ። ሦስቱ ገና ብዙ ኃይል አላቸው፤ አራተኛው ግን ሞቷል። በመደዳ የተያያዙ ባትሪዎች ልክ እንደ ተሳሰሩ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ቆመው ይቀራሉ፤ ኮንትሮለሩ የሚያየው ድምሩን ስለሆነም ጭነቱን ይቆርጣል።

ማስጠንቀቂያ። ባትሪ ቻርጅ ላይ እንዳለ የተለካ ቮልቴጅ ስለ ጤናው የሚናገረው ጥቂት ነው። ሬክቲፋየሩ በየሴሉ 2.25 ቮልት፣ ለ24 ሴል ደግሞ 54 ቮልት ይዞ ስለሚያቆየው የሞተ ባትሪ እንኳ ደህና ሊመስል ይችላል። «ባትሪው ተለክቶ 54 ቮልት ተገኝቷል፤ ችግር የለበትም» የሚል የመስክ ሪፖርት ቢደርስዎ አይቀበሉት፤ በጭነት ላይ እንዲለካ ይጠይቁ። ልኬቱም የሚደረገው ተንቀሳቃሽ ጀነሬተር በቦታው በተጠባባቂነት ቆሞ፣ ትራፊክ ዝቅተኛ በሆነበት ሰዓት ነው፤ አለበለዚያ ሁለተኛ ክስተት ይፈጥራሉ።

የመደዳ ከረንት ንባብ ከሌለ። አንዳንድ ኮንትሮለር ለሁለቱም መደዳ አንድ የከረንት መለኪያ ብቻ አለው። በዚህ ጊዜ የቮልቴጁን አወራረድ ይመልከቱ። ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በኋላ ቀስ ብሎ የሚወርድ መስመር የጠቅላላ እርጅና ወይም የአቅም ማነስ ምልክት ነው፤ ቆይቶ በድንገት ሁለት ሦስት ቮልት የሚዘል መስመር ግን አንድ ባትሪ መሞቱን ያመለክታል። ይህ አመላካች እንጂ ማረጋገጫ ስላልሆነ፣ በሪፖርቱ ላይ «በልኬት የሚረጋገጥ» ብለው ይተዉት።

## ደረጃ 4፦ ጎረቤቶቹን ይመልከቱ

በዚያው ደቂቃ መብራት የጠፋባቸው ሌሎች ሳይቶች ካሉ ያውጡ። በእኛ ጉዳይ ወደ ቸርችል ጎዳናና ወደ አራት ኪሎ አቅጣጫ ያሉ ሁለት ጎረቤት ሳይቶች 01:07 ላይ ተመሳሳይ አላርም አሳይተዋል፤ ሁለቱም ግን መብራት እስኪመለስ ድረስ በባትሪ ቆይተዋል። ይህ አንድ መስመር ሁለት ነገር ያረጋግጣል፦ መቋረጡ የሕንፃው ብቻ ሳይሆን የአካባቢው መሆኑን፣ ደግሞም መቋረጡ ብቻውን ሳይት የማይጥል መሆኑን።

ጎረቤቶቹ መብራት ካላቸው ምርመራው ወደ ሕንፃው ይዞራል። ያኔ ጥበቃውን «ሊፍቱ ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ጠቃሚ ነው፤ በኮሪደር ላይ መብራት እያለ ሊፍቱ የቆመ ከሆነ ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ሳይጎድል አይቀርም።

## ደረጃ 5፦ የተጎዳውን በትክክል ይቁጠሩ

ሃቡንና ጥገኞቹን ለይተው ይጻፉ፤ የወደቁበት ምክንያትም የቆዩበት ጊዜም የተለያየ ነው። ሃቡ ከ01:48 እስከ 03:09 ለ81 ደቂቃ ተቋርጧል። ሦስቱ ጥገኞች እያንዳንዳቸው ከ02:14 እስከ 03:03 ለ49 ደቂቃ፣ በድምሩ ለ147 ደቂቃ ተቋርጠዋል። ጠቅላላው 228 የሳይት-ደቂቃ ነው። በጥገኞቹ ላይ ኃይል አልተጓደለም፤ ራዲዮዎቻቸው በርተው ነበር፤ የጎደላቸው መንገድ ነው። «አራት ሳይቶች በኃይል መቋረጥ ወደቁ» ብለው ከጻፉ የጥገና ቡድኑን ምንም ችግር ወደሌለባቸው ሦስት ሳይቶች ይልካሉ።

ስለ ደንበኞች ቁጥር ሲጽፉ በሳይቱ የተመዘገቡትን በሙሉ «ተጎጂ» አይበሉ። በማዕከላዊ አዲስ አበባ ሳይቶች ተቀራርበው ስለሚገኙ ከፊሉን ተጠቃሚ ጎረቤቶቹ ይቀበሉታል። ባለፈው ሳምንት በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት የነበረውን የአካባቢውን ትራፊክ ከዚህ ሌሊት ጋር ያወዳድሩና ልዩነቱን ይጻፉ። የቅሬታ ጥሪ አለመብዛቱን የጉዳት ማነስ ማስረጃ አያድርጉት፤ ሰው ተኝቷል፤ በሲም ካርድ የሚሠራው የገንዘብ ማሽን ደግሞ ደውሎ አያማርርም።

## ደረጃ 6፦ ምክንያቱን ይጻፉ

ምክንያቱን በሦስት አንቀጽ ይክፈሉ፤ ክስተቱን የቀሰቀሰው፣ አገልግሎቱን ያቋረጠው፣ ችግሩ ሳይታወቅ እንዲቆይ ያደረገው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይቀራል።

በእኛ ጉዳይ የአንድ መደዳ ብሬከር ሲወርድ ኮንትሮለሩ ለማዕከሉ አላርም ይልካል። ነገር ግን ቀደም ሲል በተደረገ የባትሪ ጥገና ወቅት የሳይቱ የባትሪ አላርሞች በሙሉ በማዕከሉ እንዲታፈኑ ተደርጎ፣ ጥገናው ካበቃ በኋላ አፈናው ሳይነሣ ቀርቷል። በዝግጅቱ ላይ የታፈኑ አላርሞችን ዝርዝር ያውርዱ ያልኩት ለዚህ ነው። አንቀጹ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

> «በ01:07 የአካባቢው የመብራት መስመር ተቋርጧል። ሳይቱ በባትሪ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ሊቆይ ሲገባው ራዲዮዎቹ በ41 ደቂቃ ተዘግተዋል፤ የዚህም ምክንያት የሁለተኛው የባትሪ መደዳ ብሬከር ወርዶ የነበረ መሆኑና በመጀመሪያው መደዳ ውስጥ አንድ ባትሪ በጭነት 8.2 ቮልት ብቻ የሚይዝ መሆኑ ነው። ብሬከሩ መውረዱን የሚያሳውቀው አላርም ካለፈው ጥገና ጀምሮ ታፍኖ ስለነበረ ሁኔታው በማዕከሉ አልታየም። ብሬከሩ መቼና እንዴት እንደወረደ ከመዝገብ ማረጋገጥ አልተቻለም።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አስፈላጊ ነው። የታየውንና የተገመተውን አይቀላቅሉ። «ቴክኒሻኑ ብሬከሩን ረስቶት ሄደ» የሚለው ከማስረጃው አልፎ ሰውን የሚከስ ግምት ነው፤ ብሬከሩ በራሱ ወርዶም ሊሆን ይችላል። በሪፖርቱ ውስጥ የሰው ስም ሳይሆን የሥራ መደብ ይጻፉ።

ተረኛው ቡድን ለማሰማራት እስከ 01:55 መጠበቁንም እንዲሁ ይያዙት። በእጁ የነበረው መረጃ አራት ሰዓት ይል ነበርና ውሳኔው በዚያ መረጃ ላይ ተገቢ ነበር። የሚስተካከለው መረጃው ነው፤ ከዚህም በላይ ቮልቴጁ በ23 ደቂቃ ውስጥ ወደ 46.9 ሲወርድ ተረኛውን የሚያነቃ ደረጃ በማዕከሉ አለመቀመጡ ነው።

## ደረጃ 7፦ እርምጃዎቹን ይጻፉ

ለእያንዳንዱ እርምጃ ኃላፊ የሥራ መደብ፣ የመጨረሻ ቀንና መፈጸሙ የሚረጋገጥበት መንገድ ይኑረው። «ክትትል ይደረጋል» የሚል እርምጃ አይጻፍ።

1. የመጀመሪያው መደዳ አራቱም ባትሪዎች ይቀየሩ። በአሮጌ መደዳ ውስጥ አንድ አዲስ ባትሪ ማስገባት ለጥቂት ጊዜ ይረዳል እንጂ፣ አዲሱና አሮጌዎቹ እኩል ስለማይሞሉ ችግሩ ይመለሳል። ለጊዜው አንዱን ብቻ ለመቀየር ከተገደዱ ጊዜያዊ መሆኑን ከነቀኑ ይጻፉ።
2. የሁለተኛው መደዳ ብሬከር ይመለስ። ከመመለሱ በፊት በመደዳውና መደዳዎቹ በጋራ በሚገናኙበት ባስ መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ይለካ፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ብሬከሩ ሲመለስ ከፍተኛ ከረንት በአንድ ጊዜ ይፈስሳል፤ ይህም ለመሣሪያውም ለሠራተኛውም አደገኛ ነው። አስቀድሞ ቮልቴጁ እንዲቀራረብ መደረግ አለበት።
3. ማንኛውም የአላርም አፈና የማብቂያ ሰዓት ሳይኖረው እንዳይፈቀድ በሥርዓቱ ላይ ይቀመጥ።
4. ሁሉም ተረኛ ቴክኒሻኖች የተካተቱበት የመግቢያ ዝርዝር ለሕንፃው አስተዳደር ይሰጥ፤ ቅጂውም በጥበቃው ክፍል ይኑር።
5. በሳይቱ መረጃ ላይ ያለው «አራት ሰዓት» ይሰረዝና ከሙከራ በተገኘ ቁጥር ይተካ።

በክስተቱ ማግስት ሳይቱ ደካማ መሆኑንም ለቀን ተረኛው ያስተላልፉ። ለአንድ 150 አምፔር-ሰዓት መደዳ የቻርጅ ገደቡ 15 አምፔር ከሆነ፣ የወጣው 48 አምፔር-ሰዓት ለመመለስ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በዚያ መካከል መብራት ዳግም ከጠፋ 41 ደቂቃም አይቆይም። ተንቀሳቃሹ ጀነሬተር እስከዚያ ድረስ ከቦታው እንዳይነሣ ያድርጉ።

## ደረጃ 8፦ ከመላክዎ በፊት

ሪፖርቱን በዚያ ሌሊት ተረኛ ላልነበረ ባልደረባ ይስጡና ሁለት ነገር ብቻ እንዲያረጋግጥ ይጠይቁት፦ የደቂቃዎቹ ድምር ከሠንጠረዡ ጋር መስማማቱን፣ እንዲሁም በምክንያቱ አንቀጽ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ አባባል ከሠንጠረዡ ወይም ከተያያዘ ፎቶና ልኬት የመጣ መሆኑን። ምንጭ ያጣ ዓረፍተ ነገር ካገኘ ያውጡት ወይም «ያልተረጋገጠ» ይበሉት።

የባትሪው ልኬት ሳይደርስ የመላኪያው ጊዜ ከደረሰ ሪፖርቱን አያዘግዩ። «የመጀመሪያ ሪፖርት» ብለው የሚታወቀውን ብቻ ይላኩ፤ ልኬቱ ሲመጣ በአዲስ የቅጂ ቁጥር ያስተካክሉ፤ የተለወጠውን መስመርም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጥቀሱ። ተልኮ የተነበበ ሪፖርት በዝምታ አይለወጥም። ቲኬቱም የሚዘጋው አገልግሎቱ በተመለሰበት ሰዓት ሳይሆን፣ አዲሶቹ ባትሪዎች ተተክለው በጭነት ላይ ተሞክረው የተገኘው ቆይታ በሳይቱ መረጃ ላይ ሲመዘገብ ነው።